ቤቱ ባዶ ሆኖ ቆጣሪው «61 ሰው አለ» ይላል፤ ምን ላድርግ?

የሆጤ አዳራሽ
ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ደሴ ውስጥ አንደኛ ፎቅ ላይ አዳራሽ ተከራይቼ ቅዳሜ ቅዳሜ የባህል ምሽት አዘጋጃለሁ። ማሲንቆ አለ፣ ክራር አለ፣ ባቲና አምባሰል እየተዘፈነ እስከ ሌሊት ይጨፈራል። ሰው በጣም ይመጣል፣ አልሀምዱሊላህ። ያለኝ ወንበር 220 ስለሆነ ከ220 ሰው በላይ አላስገባም ብዬ ቆርጫለሁ።

ለዚህ ብዬ ዋናው በር ላይ ግራና ቀኝ የሚለጠፍ፣ በጨረር የሚቆጥር መሣሪያ አስገጠምኩ። የገባውን ይደምራል፣ የወጣውን ይቀንሳል። ባለፈው ቅዳሜ ሁሉም ሰው ወጥቶ፣ ወንበር ሰብስበን፣ መብራት ልናጠፋ ስንል ስክሪኑን አየሁት። IN 284፣ OUT 223 ይላል። ልዩነቱ 61 ነው። ቤቱ ውስጥ ያለነው እኔና ጥበቃው ብቻ ነን! መሣሪያው ተበላሽቷል ወይስ ገጠማው ነው? ሻጩ ስልክ አያነሳም።

ጦሳ ስር
አብሽር ወንድሜ፣ ይሄ ጥሩ ስህተት ነው። መሣሪያው ካለው ሰው በላይ እየቆጠረልህ ነው ማለት ነው። 220 ሲልህ በትክክል 160 ገደማ ነው ያለህ። ስለዚህ ሁሌም ከልክ በታች ነህ። የምትጎዳው ገቢህ ላይ ብቻ ነው። እኔ ብሆን አልነካውም።

ቦርከና ማዶ
ጦሳ ስር፣ ግማሹ ልክ ነው፣ ግማሹ ግን ሰው ያስጨርሳል። 61 የታየው ሌሊት መጨረሻ ላይ ነው። ቤቱ በሞላበት ሰዓት ስህተቱ ስንት እንደነበርና ወደየት እንዳጋደለ ግን እሱ አይናገርም።

ዱባይ ትልቅ የገበያ ማዕከል በር ላይ ለዓመታት የሠራሁት ይህንኑ ሥራ ነው። የጨረር ቆጣሪ የሚያውቀው ጨረሩ መቆረጡን ብቻ ነው። ሁለት ጨረር ጎን ለጎን ስላለው የትኛው ቀድሞ እንደተቆረጠ አይቶ «ገባ» ወይም «ወጣ» ይላል። ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ካለፉ ግን አንድ ሰው ነው የሚላቸው። ስለዚህ የጨረር ቆጣሪ ትልቁ በሽታው ማሳነስ ነው። ሲገቡም ያሳንሳል፣ ሲወጡም ያሳንሳል። ጥያቄው የትኛው ይበልጣል የሚለው ነው።

ወንድሜ የሆጤ አዳራሽ፣ ሦስት ነገር ንገረኝ። ሰው ሲገባ በር ላይ ትኬት የሚቆርጥ አለ? ሲያልቅ እንዴት ነው የሚወጡት? ሌላ በርስ አለህ?

የሆጤ አዳራሽ
እህቴ እናመሰግናለን። ሲገቡ ጥበቃው ትኬት እያየ አንድ በአንድ ነው የሚያስገባው። አልፎ አልፎ ግን የጓደኛሞች ቡድን ተግተልትሎ ይገባል። ሲያልቅማ ተያይዘው፣ ተቃቅፈው፣ እየዘፈኑ ነው የሚወጡት። ሌላ በር አለ፣ በጓሮ በኩል ወደ ታችኛው ሰፈር የሚያወርድ ደረጃ። እሱን እንቆልፈዋለን፣ ሳይከፍሉ ሹልክ የሚሉ ስላሉ። ዘፈኑ ሲያልቅ ብቻ ለታች ሰፈር ሰዎች ይከፈታል።

ወልድያ ድግስ
እኔም ይሄን መሣሪያ ልገዛ አስቤ ነበር። ሰርግ ላይ 400 ሰው ነው ብለውህ 550 ይመጣል፣ ከዚያ የሂሳብ ጭቅጭቅ ነው። በሩ ላይ ቆጣሪ ካለ ለባለ ሰርጉ ቁጥሩን አሳይቼ እቀበላለሁ። ሕፃናት እንዳይቆጠሩ ግን ምን ላድርግ? ሕፃን ሙሉ ሳህን አይበላም።

ቦርከና ማዶ
ወልድያ ድግስ፣ ያንተ ቆጠራ ሌላ ነው። አንተ የምትፈልገው ስንት ሰው በላ የሚለውን ነው። ለሱ የገባውን ብቻ መቁጠር ይበቃል፣ ወጥቶ የተመለሰውን መለየት ነው ችግርህ። እዚህ የተጠየቀው በዚህ ደቂቃ ውስጥ ስንት ሰው አለ ነው። ለዚህኛው እናቱ ጀርባ ላይ ያለ ሕፃንም አንድ ሰው ነው፣ እሳት ቢነሳ እሱም መውጣት አለበትና። ጨረሩ ደግሞ የታዘለ ሕፃን ፈጽሞ አያይም። አንዱን ቆጣሪ ለሁለቱም ሥራ ከተጠቀማችሁበት በር ላይ ያለው ልጅ ለአለቃው የሚመቸውን ቁጥር መጻፍ ይጀምራል፣ ይሄንን በዓይኔ አይቻለሁ።

ወደ ሆጤ ልመለስ። መሣሪያውን ከመቀየርህ በፊት ፈትነው። በሚመጣው ቅዳሜ በእጅ የሚጫን መቁጠሪያ ያዝና በር አጠገብ ቁም። መግቢያው ሲሟሟቅ ግማሽ ሰዓት ያህል በእጅህ ቁጠር። የመሣሪያውን ቁጥር ስትጀምርም ስትጨርስም ጻፍ። ሲወጡም እንደዚያው አድርግ። ሁለቱን ለየብቻ ያዛቸው፣ አትደምራቸው።

የሸዋ በር ልጅ
በእጅ የሚጫነውን ከሩቅ አትፈልግ። እኛ አንድ ዝግጅት ላይ ጥበቃ ስንሠራ ጣት ላይ የሚታሰረውን ዲጂታል ተስቢህ ነው የተጠቀምነው። መስጊድ አካባቢ በየሱቁ አለ፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። አንድ ችግር ግን አለበት። ዜሮ የምታደርገው ቁልፍ ከዋናው ቁልፍ አጠገብ ትንሽ ሆና አለች። በግፊያ መሐል አውራ ጣትህ ነካት ማለት የሰዓታት ቆጠራ ጠፋ ማለት ነው። እኛ በፕላስተር ሸፈንናት። ደግሞ መቀነስ አይችልም፣ ስለዚህ ሁለት ያስፈልግሃል። የገባ በቀኝ እጅ፣ የወጣ በግራ። ሰው ሲበዛ ደግሞ ሁለቱንም አንድ ሰው አይችለውም፣ ሁለት ሰው ይሁን።

ጦሳ ስር
ይሄ ሁሉ ድካም ከየት መጣ? ጣሪያ ላይ የሚሰቀል በካሜራ የሚቆጥር አለ። ከላይ ስለሚያይ ጎን ለጎን ያሉትን ይለያል። ገዝቶ መገላገል ነው።

ቦርከና ማዶ
ከላይ የሚያየው የተሻለ መሆኑ እውነት ነው፣ በተለይ ተያይዘው ለሚወጡት። ግን የተቆለፈውን የጓሮ በር አያይም። የታዘለ ሕፃንም ለሱ ከእናቱ ጋር አንድ ነው። በክረምት ጥላ ዘርግተው ሲገቡ ደግሞ ጥላውን ነው የሚያየው። መጀመሪያ ስህተቱ ከየት እንደሆነ ይታወቅ፣ ከዚያ ገንዘብ ይወጣል።

ላስታ
እኛ ዘንድ ላሊበላ ለገና የሚመጣውን ሰው በዚህ መንገድ መቁጠር ይቻላል ትላላችሁ? ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው የሚያሻግሩት ዋሻዎች ጠባብ ናቸው። አንዱ ሲሄድ ሌላው ሲመጣ ይጋጠማል። አረጋውያን እዚያ ውስጥ ሲጨነቁ አይቻለሁ።

ቦርከና ማዶ
ላስታ፣ ያንተ ችግር ከቆጠራ ይቀድማል። ሰው በአንድ ጠባብ መንገድ ሲሄድም ሲመጣም ከተጋጠመ ቁጥሩን ብታውቀውም አይፈታም። እዚያ የሚሠራው በአንዱ አስገብቶ በሌላው ማስወጣት ነው። ክፍት ግቢ ሲሆን ደግሞ በር ላይ ከመቁጠር ይልቅ በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ሰው ቆሟል የሚለው ነው የሚታየው። አራት አምስት ሰው ከሆነ ሰው እንደፈለገ መንቀሳቀስ ይቸግረዋል፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ግፊያው ነው የሚወስደው። ራሱን የቻለ ውይይት ይገባዋል፣ ክፈትበትና እመጣለሁ።

የሆጤ አዳራሽ
እህቴ ፈተናውን አደረግሁት። ሲገቡ እኔ በእጄ 96 ስቆጥር መሣሪያው 91 አለ። ሲወጡ እኔ 120፣ መሣሪያው 99። ለካ ሲወጡ ነው የሚበላው! አንድ ቦታ ላይ አምስት ሆነው ተቃቅፈው ሲያልፉ ቁጥሩ በሁለት ብቻ ተነሳ። ቆሜ እያየሁት ነው የምልሽ። የዚያን የመጀመሪያውን ቅዳሜ በሚመለከት ደግሞ ደብተሬ ላይ አንድ ነገር አግኝቻለሁ። ማታ 4 ሰዓት ላይ IN 240፣ OUT 25 ነበር። 215 ነው፣ አምስት ሰው ይቀራል ብዬ ሌሎች አስገብቼ ነበር።

ቦርከና ማዶ
ጎበዝ፣ ሁለቱን ለይተህ መያዝህ ነው ያዳነን። አብረን እናስላው።

ሲገቡ ከ96 ውስጥ 91 ነው የያዘው። ስለዚህ IN 284 ሲል በትክክል የገባው 300 ገደማ ነው፣ 16 ሰው አምልጦታል። ሲወጡ ከ120 ውስጥ 99 ነው የያዘው። OUT 223 ሲል በዋናው በር የወጣው 270 ገደማ ነው፣ 47 አምልጦታል። 300 ገብቶ 270 በዋናው በር ከወጣ ቀሪው 30 የት ገባ? በጓሮ በር ወደ ታች ሰፈር ወርዷል፣ እዚያ ቆጣሪ የለህም። 47 እና 30 ብትደምር 77፣ ከሱ ላይ ሲገቡ ያመለጡትን 16 ብትቀንስ 61። ያ ነው ቁጥርህ። ፈተናው የሌላ ቅዳሜ ስለሆነ አንድ ሁለት ሰው ወዲህ ወዲያ ይላል፣ መሣሪያው ግን አልተበላሸም።

አሁን ዋናው። 4 ሰዓት ላይ ሰው ገና ተያይዞ መውጣት አልጀመረም። ለስልክ፣ ለሲጋራ አንድ አንድ እያለ ነው የሚወጣው። ስለዚህ OUT 25 በጣም የተሳሳተ አይደለም። IN 240 ግን በትክክል 253 ገደማ ነው። ከ253 ላይ 25 ቀንስ፣ 228 ነው። ስክሪኑ አምስት ይቀራል ሲልህ ስምንት አልፈሃል። ጦሳ ስር ጥሩ ስህተት ያለው ይሄን ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊት ላይ ዜሮ ቢያሳይህም አትመነው። ሲገቡ 30 ቢያመልጠው፣ ሲወጡም 30 ቢያመልጠው መጨረሻው ዜሮ ይሆናል፣ በመሐል ግን ሙሉ ምሽቱን 30 ሰው ጎድሎ ነበር።

ጦሳ ስር
እሺ፣ እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ። ግን ስምንት ሰው ምን ያመጣል? 220 ራሱ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም።

ውሃ ልክ
እኔ ግንበኛ ነኝ፣ ይሄ ጥያቄ የኔ ነው። ልጄ፣ የአዳራሹን ስፋት፣ የሁለቱንም ደረጃ ስፋት በሜትር ለካና ላክልኝ። ደረጃውን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሳይሆን ሰው የሚያልፍበትን ነው የምትለካው።

የሆጤ አዳራሽ
ጋሼ፣ አዳራሹ 16 በ22 ነው። መድረኩና ባንኮኒው 42 ካሬ ያህል ይይዛሉ። ዋናው ደረጃ 1 ሜትር ከ20፣ የጓሮው 90 ሳንቲ።

ውሃ ልክ
16 በ22፣ 352 ካሬ ነው። 42 ሲነሳ 310 ይቀራል። አሜሪካኖቹ ጠረጴዛና ወንበር ላለው አዳራሽ ለአንድ ሰው 1.4 ካሬ ሜትር ይይዛሉ። 310 ለ1.4 ሲካፈል 221። ወንበርህ ከስፋቱ ጋር በአጋጣሚ ገጥሟል። ሌላ ቀን ጠረጴዛ አጥፈህ ወንበር ብታበዛ ግን ወንበሩ ልክ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ደግሞ መውጫው። በነሱው አያያዝ ደረጃ ላይ ለአንድ ሰው 7.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ይታሰባል። 1 ሜትር ከ20 ማለት 157 ሰው ነው። 90 ሳንቲው 118 ነው። ሁለቱ ሲደመሩ 275። ከስፋቱና ከመውጫው ትንሹን ነው የምትወስደው፣ ስለዚህ 220 ትክክል ነው፣ ሁለቱም ደረጃ ክፍት ሲሆን። የጓሮው ተቆልፎ ሳለ ግን 157 ላይ ትወርዳለህ። እንዲያውም በዚያ ደንብ መውጫው አንድ ብቻ የሆነ አዳራሽ ከ49 ሰው በላይ አይፈቀድለትም። ያን ቅዳሜ 4 ሰዓት ላይ 228 ሰው ይዘህ፣ በአንድ ደረጃ ነበርክ።

የአገራችን የሕንፃ ደንብ የሚለውን ከከተማው ሕንፃ ሹም ጠይቅ፣ እሱ ነው የሚገዛህ። እኔ የሰጠሁህ ማመዛዘኛ ነው።

የሆጤ አዳራሽ
ጋሼ፣ ላብ አሰመጠኝ። ቁጥሩን ሳሳድድ በሩን ረስቼው ነበር ማለት ነው።

ቦርከና ማዶ
ጋሼ ውሃ ልክ፣ ስሌቱን እቀበላለሁ። 275 የሚለው ግን ሰው እንደየደረጃው ስፋት ለሁለት ተካፍሎ ይወጣል ብሎ ነው፣ ሰው ደግሞ በገባበት በር ነው የሚሮጠው። እ.ኤ.አ. በ2003 ሮድ አይላንድ ውስጥ ዘ ስቴሽን የሚባል የምሽት ክበብ ሲቃጠል ሌሎች መውጫዎች እያሉ አብዛኛው ሰው ወደ ፊት ለፊቱ በር ነው የሄደው፣ እዚያ ተደራርቦ ተዘጋ። 100 ሰው ሞተ። ስለዚህ የጓሮው በር መከፈቱ ብቻ አይበቃም። ከመድረኩ የሚታይ መብራት ያለበት «መውጫ» የሚል ጽሑፍ፣ ጠረጴዛ ያልከለለው መተላለፊያ፣ ዘፋኙም ዝግጅቱ ሲጀመር «በዚያም በኩል መውጫ አለ» ብሎ ቢናገር ጥሩ ነው።

ውሃ ልክ
በዚህ እንስማማለን። እኔ ግን የጓሮው ደረጃ ከ90 ሳንቲ ሳይሰፋ 220 ባልለው ደስ ይለኛል። 180 ይሁን ነው የምለው።

የሸዋ በር ልጅ
ሹልክ ብለው የሚገቡትን በተመለከተ፣ ከውስጥ በመግፋት የሚከፈት፣ ከውጭ እጀታ የሌለው በር አለ። ከተገፋ ደወል ይጮሃል። ችግሩ አንዱ ከውስጥ ገፍቶ ለጓደኞቹ ይከፍታል። የሚያስተማምነው እዚያም ሰው ማቆም ነው። እኛ በሠራንበት ቤት የላይኛውና የታችኛው ጥበቃ በየሩብ ሰዓቱ በስልክ ይነጋገሩ ነበር። «ላይ 140 ገባ 12 ወጣ፣ ታች 4 ወጣ» ይባባላሉ፣ አንዱ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሁለት በር፣ አንድ ድምር።

ሌላው ደግሞ መብራት ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የኛ መሣሪያ ከዜሮ ነበር የሚጀምረው። ውስጥ ከመቶ በላይ ሰው ተቀምጦ ስክሪኑ 0 ይላል። ያ ወረቀት ባይኖር ምንም አናውቅም ነበር።

የሆጤ አዳራሽ
የኔም እንደዚያ ነው! ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ይጠፋል፣ ከዚያ ዜሮ። እኔ ሻጩ ያስተካከለው መስሎኝ ነበር። እሺ፣ አሁን ቆጣሪው ላይ እየታመንኩ እስከ ስንት ላስገባ?

ቦርከና ማዶ
ሌላ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ 220 ይሁን ብንል፣ ስክሪኑ 195 ሲል እንደ ልብ ማስገባቱን አቁም። ለምን 195? ሲገቡ ከ100 ውስጥ 5 ያመልጥሃል፣ 195 ሲል በትክክል 205 አካባቢ ነህ። ሠራተኛህና ሙዚቀኞቹ ደግሞ ከመሣሪያው በፊት የገቡ ናቸው፣ 12 ይሁኑ 15፣ እነሱም ሰው ናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሲወጣ አንድ ነው የሚገባው። ጋሼ እንዳሉት 180 ካልከው በዚያው ልክ አውርደው።

በየሰዓቱ ደግሞ፣ ዘፈን በሚቀያየርበት መሐል፣ አንድ አስተናጋጅ በጠረጴዛ እየዞረች ትቁጠር። ጠረጴዛው ስምንት ሰው የሚይዝ ከሆነ ሙሉውን በስምንት፣ ጎዶሎውን አንድ በአንድ። የቆመው ለብቻው። ከስክሪኑ ከአሥር በላይ ከተለያየ የእሷን ቁጥር ይዘህ ቀጥል። ጥበቃውንም ከጨረሩ ላይ አንሳው። በር ላይ ወዲያ ወዲህ ሲል መሣሪያው እሱን ነው ሲያስገባና ሲያስወጣ የሚያመሸው።

ወልድያ ድግስ
ይሄን ሁሉ አነበብኩ፣ እኔም አዳራሼ ሁለተኛው በር ላይ ወንበር ቆልዬበታለሁ። ነገ አነሳዋለሁ። የሕፃናቱ ጥያቄ ግን ለሂሳቡ እንዳለ ነው፣ ማንም አልመለሰልኝም።

የሆጤ አዳራሽ
ለጓሮው በር ሰው ለማቆም ወሰንኩ። አንድ ችግር ግን አለ። የታችኛው መተላለፊያ ጫፍ ላይ ያለው የብረት በር የባለ ሕንፃው ነው፣ ማታ እሱም ይቆልፈዋል። ደረጃውን ወርደው መንገድ ላይ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ትናንት ሳነጋግረው «ሌባ ይገባብኛል» አለኝ። ጋሼ ውሃ ልክ፣ እርስዎ መጥተው ቢያዩልኝና ቢያናግሩልኝስ? በዕድሜ ትቀራረባላችሁ።

ውሃ ልክ
ሐሙስ ዕለት «ሰኞ ገበያ» ሰፈር በኩል ሥራ አለኝ፣ ከሰዓት ብቅ እላለሁ። እስከዚያ ግን ያ የብረት በር ተቆልፎ ከዋለ የጓሮውን ደረጃ አትቁጠረው። የዚህን ቅዳሜ ትኬት በአንድ በር ሂሳብ ሽጥ።

ጦሳ ስር
በ49?!

ውሃ ልክ
ወይ አስከፍተው፣ ወይ በ49።